አንድ ትርፍ፣ ሁለት ግብር፦ በደብረ ወርቅ ወፍጮ ቤት ስሌት የታየ የኩባንያ ትርፍ ግብር

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ወርቅ በምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጤፍ አብቃይ አገር ስለሆነ በከተማዋ እህል መግዛትና መሸጥ፣ ማስፈጨትና ማከማቸት ዘወትር የሚታዩ ሥራዎች ናቸው። በዚህች ከተማ አራት ሰዎች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ወፍጮ ቤትና የእህል መጋዘን ከፈቱ እንበል። አራቱም እኩል አዋጥተዋል፤ ሌላ ገቢ የላቸውም፤ በዓመቱ መጨረሻ ወጪ ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ 240,000 ብር ተርፏቸዋል፤ ለእያንዳንዳቸው 60,000 ብር ይደርሳቸዋል ማለት ነው። ምሳሌው ለስሌት የታሰበ ነው። ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው፤ ከዚህ ትርፍ ላይ መንግሥት ምን ያህል ይወስዳል? መልሱ በወፍጮው ብቻ አይወሰንም፤ አራቱ ሰዎች በሕግ ፊት በምን ስም እንደቆሙም ይመለከታል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በድርጅት ስም የተገኘን የንግድ ትርፍ በ30 በመቶ ነጠላ ምጣኔ ግብር ያስከፍላል። ድርጅቱ ከግብር የተረፈውን ለአባላቱ ሲያከፋፍል ደግሞ በትርፍ ድርሻው ላይ 10 በመቶ ይቀነሳል። ይህን ሁለተኛ ግብር ድርጅቱ ከአባላቱ ድርሻ ላይ ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል፤ ለአባላቱም የመጨረሻ ግብር ነው። ስለዚህ ከ100 ብር ትርፍ 30 ብር በመጀመሪያ ይሄዳል፤ ከቀረው 70 ብር 7 ብር ይቀነሳል፤ ለባለድርሻው የሚደርሰው 63 ብር ነው። በተለምዶ የኩባንያ ትርፍ ተደራራቢ ግብር የሚባለው ይህ ነው። ተደምሮ ሲታይ 37 በመቶ ይሆናል። እዚህ የሚጠቀሱት ቁጥሮች በሙሉ አዋጁ በወጣ ጊዜ ከተደነገጉት ምጣኔዎች የተወሰዱ ናቸው፤ በኋላ የሚመጣ ማሻሻያ ድምሩን ይለውጣል እንጂ የስሌቱን አካሄድ አይለውጥም።

የሁለቱ ሰዎች ክርክር

ግብሩ ሁለት ጊዜ ሊከፈል የሚችለው ሕጉ ሁለት ሰዎችን ስለሚያይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ሆነ ስለ ነጋዴዎችና ማኅበራት የነበረውን ክፍል የተካው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ኩባንያን ከአባላቱ የተለየ የሕግ ሰውነት ያለው አድርገው ይቆጥሩታል። ኩባንያው በራሱ ስም ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ንብረት ያፈራል። ኩባንያው ያገኘው ትርፍ የኩባንያው ገቢ ነው፤ ባለድርሻው የተቀበለው ድርሻ ደግሞ የባለድርሻው ገቢ ነው። በሕግ ዓይን ሁለት ገቢዎችና ሁለት ግብር ከፋዮች እንጂ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲከፍል አይታይም።

በኢኮኖሚ ዓይን ግን ሥዕሉ ይለያል። ወፍጮው የፈጨው እህል አንድ ነው፤ የተገኘው ትርፍም አንድ ነው፤ ኩባንያው በልቶና ጠጥቶ የሚያድር ሰው ስላልሆነ ግብሩ በመጨረሻ የሚያርፈው በሰዎች ላይ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ አገሮች ሁለቱን ግብሮች ለማገናኘት የሞከሩት። አውስትራሊያ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኩባንያው የከፈለውን ግብር ባለድርሻው ከራሱ ግብር ላይ እንዲያቀናንስ ትፈቅዳለች። ኢስቶኒያ ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኩባንያው ትርፉን እስኪያከፋፍል ድረስ ግብር አትጠይቅም። አሜሪካ በበኩሏ ሁለቱን እርከኖች እንደጠበቀች በ2003 (እ.ኤ.አ.) የትርፍ ድርሻን ምጣኔ ዝቅ አደረገች። የኢትዮጵያ ሕግ የመረጠው ሁለቱን ሳያገናኝ ሁለተኛውን ቀለል ማድረግን ነው።

ከዚህ በመነሣት በነጋዴዎች ዘንድ የሚሰማው ቅሬታ ቀጥተኛ ነው፤ ሁለተኛው ግብር ይቅር ይላል። ቅሬታው መሠረት አለው፤ መድኃኒቱ ግን የተሳሳተውን ቦታ ይነካል። ይህ የሚታየው የአራቱን ሰዎች ወፍጮ በተለያየ ስም አስቀምጦ ሲሰላ ነው።

አንድ ወፍጮ በአራት ስም

በመጀመሪያ አራቱ ሰዎች ትርፉን ተካፍለው እያንዳንዳቸው እንደ ግለሰብ ነጋዴ ግብር ቢከፍሉ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በአዋጁ ሠንጠረዥ «ሐ» መሠረት የግለሰብ ነጋዴ ዓመታዊ ገቢ እስከ 7,200 ብር ድረስ ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ ያለው በእርከን እየጨመረ ከ10 በመቶ ተነሥቶ ከ130,800 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። 60,000 ብር ያገኘ ሰው እስከ 19,800 ብር ባለው እርከን 1,260 ብር፣ እስከ 38,400 ብር ባለው 2,790 ብር፣ በቀረው 21,600 ብር ላይ ደግሞ በ20 በመቶ 4,320 ብር ይከፍላል። ድምሩ 8,370 ብር ነው። የአራቱ በአንድነት 33,480 ብር ይሆናል፤ ከትርፉ 14 በመቶ ገደማ ማለት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ወፍጮው የአንድ ሰው ብቻ ቢሆንና 240,000 ብሩን አንድ ግለሰብ ነጋዴ ቢያገኘው ግብሩ 66,000 ብር ይሆናል። ይህ 27.5 በመቶ ነው። ጭማሪው ለመረዳት አያስቸግርም፤ አንድ ሰው አራት እጥፍ ገቢ ሲኖረው ከፍ ባለው እርከን ይከፍላል።

በሦስተኛ ደረጃ አራቱ ሰዎች ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ካቋቋሙ ማኅበሩ 72,000 ብር ይከፍላል። የቀረው 168,000 ብር ሲከፋፈል 16,800 ብር ይቀነሳል። ድምሩ 88,800 ብር ነው። የሽርክና ማኅበር ቢመሠርቱም ውጤቱ አይለወጥም፤ አዋጁ ሽርክናንም ድርጅት ከሚለው ትርጉም ውስጥ አስገብቶታልና።

በአራተኛ ደረጃ ወፍጮው የኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሆን አዋጅ ቁጥር 985/2009 ማኅበሩን ከገቢ ግብር ነፃ ያደርገዋል፤ አባላቱ ግን በትርፍ ድርሻቸው ላይ ይከፍላሉ። ትርፉ በሙሉ ይከፋፈል ቢባል እንኳ 10 በመቶው ከ24,000 ብር አያልፍም። እርግጥ ነው፣ አራት ሰዎች ብቻቸውን እንዲህ ያለ ማኅበር ማቋቋም አይችሉም፤ ዓላማውና የአባልነት ሥርዓቱም የተለየ ነው። ሆኖም ሕጉ ራሱ ትርፍን በአባላት ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ መቅረጥ እንደሚቻል የተቀበለበት ቦታ በመሆኑ ለንጽጽር ይጠቅማል።

ከአራቱ ቁጥሮች መካከል አንዱ ጥንድ በጥልቀት ሊታይ ይገባል። አራቱ ሰዎች እንደ ግለሰብ ቢከፍሉ 33,480 ብር፣ በግል ማኅበር ስም ሲከፍሉ 88,800 ብር ነው። ልዩነቱ 55,320 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ በትርፍ ድርሻ ግብር የመጣው 16,800 ብር ብቻ ነው። የቀረው 38,520 ብር የመጣው ከመጀመሪያው ግብር ነው፤ ምክንያቱም የ30 በመቶው ምጣኔ ከማኅበሩ ጀርባ ያሉት ሰዎች ስንት እንደሆኑና ምን ያህል እንደሚያገኙ አይጠይቅም። ለእያንዳንዱ አባል ሊደርሰው ይገባ የነበረው ነፃ የገቢ መጠንና ዝቅተኛው እርከን በማኅበሩ ስም ጠፍተዋል።

ስለዚህ «ሁለት ጊዜ ተከፈለ» የሚለው አቤቱታ ጉዳቱን በሙሉ አይገልጸውም። ከጉዳቱ ሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው ግብሩ አንድ ጊዜ ሲከፈል የደረሰ ነው።

ሁለተኛውን ግብር ማንሣት ማንን ይጠቅማል?

አሁን ምሳሌው በአንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። አራቱ አባላት በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ሌላ ንግድ ያላቸው፣ ገቢያቸው አስቀድሞ ከ130,800 ብር ያለፈ ሰዎች ይሁኑ። እንደ ግለሰብ ቢሆን ኖሮ ይህ 240,000 ብር በሙሉ በ35 በመቶ ተቀርጦ 84,000 ብር ይከፈልበት ነበር። በማኅበር ስም የሚከፈለው 88,800 ብር ነው። ልዩነቱ 4,800 ብር፣ ከትርፉ 2 በመቶ ብቻ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ተደራራቢው ግብር በስም ተደራራቢ ቢሆንም በመጠን ግን የግለሰብን ከፍተኛ ምጣኔ ከሞላ ጎደል የሚስተካከል ነው። የ30 እና የ10 በመቶ ጥምረት ትርጉም የሚሰጠውም እዚህ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ባለሀብቱ በኩባንያ ስም ሲሠራና በራሱ ስም ሲሠራ የሚከፍለውን ያቀራርባሉ።

የትርፍ ድርሻ ግብሩ ቢነሣ የእነዚህ ሰዎች ግብር ከ88,800 ወደ 72,000 ብር ይወርዳል፤ ይህ በግለሰብ ስም ቢሠሩ ከሚከፍሉት በ12,000 ብር ያንሳል። ኩባንያ ማቋቋም ከከፍተኛው እርከን መሸሻ ይሆናል ማለት ነው። የደብረ ወርቆቹ አራት ሰዎች ግን ያው 72,000 ብር ይከፍላሉ፤ ይህም እንደ ግለሰብ ከሚደርስባቸው ከእጥፍ በላይ ነው። የሁለተኛው ግብር መነሣት ትልቁን ባለድርሻ ከሚገባው በታች ሲያወርደው ትንሹን ከጉዳቱ አያወጣውም።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ኩባንያ የሚያቋቁም ሰው ኃላፊነቱ በመዋጮው መጠን ይወሰንለታል፤ ግለሰብ ነጋዴ ሲከስር ቤቱና ከብቱ ሊሸጥበት ይችላል፤ ስለዚህ ተጨማሪው ግብር የዚህ ጥቅም ዋጋ ነው ይባላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ግን ከቁጥሩ ጋር አይስማማም። የኃላፊነት መወሰን ዋጋ ቢሆን ኖሮ ጥቅሙ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ዋጋውም ተመጣጣኝ በሆነ ነበር። አሁን ግን ትልቁ ባለሀብት ለዚህ ጥቅም 2 በመቶ ሲከፍል ትንሹ 23 በመቶ ይከፍላል። የሽርክና ማኅበር አባል ደግሞ ያለ ገደብ በንብረቱ ሁሉ ተጠያቂ ሆኖ ሳለ ያንኑ ግብር ይከፍላል። ከዚህም ሌላ የኃላፊነት መወሰን የሚያስከትለውን ኪሣራ የሚሸከመው ገንዘብ ጠያቂው እንጂ ግብር ሰብሳቢው አይደለም።

ባይከፋፈልስ?

አባላቱ ትርፉን ሳይከፋፈሉ ቢተዉት ሁለተኛውን ግብር ማስቀረት አይችሉም ወይ የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። በብዙ አገሮች ይቻላል። በግብር ምርምር ውስጥም በዚህ ነጥብ ላይ የቆየ ክርክር አለ። አንደኛው ወገን የትርፍ ድርሻ ግብር መዋዕለ ንዋይን ያቀጭጫል ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ኩባንያው ከያዘው ትርፍ ላይ ለሚያወጣው መዋዕለ ንዋይ ግብሩ ለውጥ አያመጣም፤ ዛሬ ቢከፋፈል ይከፈል የነበረው ነገ ሲከፋፈል ይከፈላልና ይላል። አሜሪካ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያደረገችው ቅነሳ ይህን ለመፈተን ዕድል ሰጥቷል። ቼቲና ሳኤዝ ከቅነሳው በኋላ ኩባንያዎች የሚያከፋፍሉት ድርሻ መጨመሩን አሳይተዋል፤ ያጋን ደግሞ የኩባንያዎቹ መዋዕለ ንዋይ በቅነሳው ምክንያት የሚታይ ለውጥ እንዳላሳየ ደምድሟል።

ይህ ግኝት ወደ ኢትዮጵያ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም፤ ምክንያቱም የአዋጅ 979 አንቀጽ 61 ሁኔታውን ይለውጠዋል። በዚህ አንቀጽ መሠረት ድርጅቱ ያላከፋፈለው ትርፍ በሚኒስትሩ መመሪያ መሠረት መልሶ ካልዋለ በስተቀር 10 በመቶ ይከፈልበታል። አንቀጹ የተጻፈበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባለድርሻዎች ትርፉን በኩባንያው ውስጥ እያቆዩ በብድርና በወጪ ስም እንዳይጠቀሙበት ለመከላከል ነው። አዋጁ በሌላም በኩል ይህን በር ዘግቷል። ለአባል የተሰጠ ብድር፣ ለዕቃ ወይም ለአገልግሎት የተከፈለ ዋጋ በይዘቱ ትርፍ ማከፋፈል ሆኖ ከተገኘ የትርፍ ድርሻ ተብሎ ይቆጠራል።

ትርፉ መልሶ መዋሉን ማሳየት የሚቻልበት የተለመደው መንገድ ያልተከፋፈለውን ገንዘብ ወደ ካፒታል ማዞር ነው፤ አባላቱ ተሰብስበው ይወስናሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ የመመሥረቻ ጽሑፉ ይሻሻላል፣ ለውጡ ይመዘገባል። የሕግና የሒሳብ ሠራተኛ ላለው ባንክ ወይም ፋብሪካ ይህ የዓመቱ መደበኛ ተግባር ነው። ለወፍጮ ቤት ግን የእህል ንግዱ ራሱ ሌላ ችግር ያመጣል። ጤፍ የሚገዛው አዝመራ ሲሰበሰብ ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዋጋው ከፍ በሚልበት በክረምት ነው። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ሲዘጋ የዓመቱ ትርፍ በባንክ ሳይሆን በመጋዘን በከረጢት ውስጥ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ 168,000 ብር ያልተከፋፈለ ትርፍ ያሳያል፤ በእጅ ያለው ግን እህል ነው። አባላቱ ገንዘቡን አልበሉትም፤ ለቀጣዩ ሽያጭ መንቀሳቀሻ አድርገውታል። ሆኖም ካፒታል አሳድገው ካላስመዘገቡ 16,800 ብር ይጠየቃሉ። ቋሚ ካፒታል አድርገው ካስመዘገቡትም በቀጣዩ ዓመት ገንዘቡን ሲፈልጉ በቀላሉ አያወጡትም።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

ከላይ ከታየው የሚከተለው መደምደሚያ የትርፍ ድርሻ ግብርን በአጠቃላይ ማንሣት አይደለም። የተሻለው መንገድ አባላቱ በሙሉ በአገር ውስጥ ነዋሪ የሆኑ የተፈጥሮ ሰዎች ለሆኑባቸውና ትርፋቸው ከተወሰነ መጠን ለማያልፍ የግል ማኅበራትና ሽርክናዎች ምርጫ መስጠት ነው። ይህን ምርጫ የሚወስድ ማኅበር በየዓመቱ ትርፉን፣ ተከፋፈለም አልተከፋፈለም፣ በአባላቱ የመዋጮ ልክ ይደለድላል። እያንዳንዱ አባል የደረሰውን ከሌላ የንግድ ገቢው ጋር ደምሮ በሠንጠረዥ «ሐ» ይቀረጣል። የ10 በመቶው ግብርም ሆነ አንቀጽ 61 ለእንዲህ ያለው ማኅበር አስፈላጊ አይሆኑም፤ ትርፉ አስቀድሞ በሰዎቹ ስም ስለተቀረጠ የሚደበቅበት ቦታ የለምና።

ሐሳቡ ደካማ ጎኖች አሉት። ዋነኛው የይስሙላ አባላት ጉዳይ ነው። አንድ ባለ ወፍጮ ሚስቱንና ልጆቹን አባል አድርጎ ቢያስመዘግብ 66,000 ብር የነበረውን ግብር ወደ 33,480 ብር ያወርደዋል። ይህን መለየት የሚቻለው መዋጮው በእርግጥ ከአባሉ መምጣቱን፣ ድርሻውም ለአባሉ መድረሱን ከባንክ ማስረጃ በማየት ነው፤ ሁለቱ ከሌሉ ገቢው በሙሉ የባለቤቱ ተብሎ ሊቆጠር ይገባል። አዋጁ ማንኛውንም ድርጅት፣ ሽያጩ ምንም ያህል ቢያንስ፣ በደረጃ «ሀ» መድቦ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል። ስለዚህ ለዚህ ቁጥጥር የሚያስፈልገው መዝገብ ቢያንስ በሕግ ደረጃ አስቀድሞ አለ።

ሁለተኛው ችግር የሥልጣን ክፍፍል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በክልል ውስጥ ከሚሠሩ ግለሰብ ነጋዴዎች የሚገኘው ግብር የክልሉ ነው። በአንቀጽ 98 መሠረት ደግሞ የኩባንያዎች ትርፍና የባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ግብር የፌዴራል መንግሥትና የክልሎች የጋራ ነው። የደብረ ወርቁ ወፍጮ በአባላቱ ስም ይቀረጥ ሲባል ገቢው ከጋራው ቋት ወጥቶ ወደ አማራ ክልል ብቻ ይሄዳል ወይስ አይሄድም የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከዚህ የተነሣ ምርጫው በገንዘብ ሚኒስቴር መመሪያ ብቻ ሊፈቀድ አይችልም፤ የሁለቱን ወገኖች ስምምነት ይጠይቃል።

እነዚህ ችግሮች እስኪፈቱ ድረስ የአራቱ ሰዎች ስሌት አይለወጥም። በየግላቸው አራት ትናንሽ ሱቆች ቢከፍቱ 33,480 ብር፣ ተባብረው አንድ ወፍጮ በማኅበር ቢተክሉ 88,800 ብር ይከፍላሉ። ይህን ያሰላ ሰው በማኅበር መደራጀቱን ትቶ ወፍጮውን በአንዱ ስም ያስመዘግበዋል፤ የሌሎቹ ሦስት ድርሻ ደግሞ በቃል ስምምነት ይቀራል። ያ አንዱ ሰው ሲሞት ወይም ሲካድ ሦስቱ በፍርድ ቤት የሚያቀርቡት ወረቀት አይኖራቸውም።